እማሆይ በምን ሞቱ? የአንድ የሞት ምክንያት ቅጽ የጉዳይ ጥናት

ጳጉሜ 1 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ አንዲት የ78 ዓመት መነኩሲት ተኝተው ይታከሙበት በነበረው ክፍል አረፉ። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው። የዚያን ሌሊት ተረኛ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ሲነጋጋ ኢንተርኗ የሞት ምክንያት የሚሞላበትን ቅጽ ይዛልኝ መጣች። የእኔን ፊርማ ትፈልጋለች። ልጆቻቸው አስክሬኑን ለመውሰድ ደጅ ላይ ቆመዋል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቀብሩ ደግሞ በዚያው ቀን ነው።

ቅጹ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የልብና የሳንባ ሥራ መቆም»።

የእማሆይን ስም፣ ደብራቸውንና ቀበሌያቸውን እዚህ ትቻለሁ። ቅጹ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የተጻፈውን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

ያን መስመር አይቼ አልፈረምኩም። «ይሄማ ሞቱ ማለት ነው እንጂ በምን ሞቱ ማለት አይደለም» አልኳት። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው የለም። በጥይት የተመታውም፣ በወባ የተያዘውም፣ በወሊድ ደም የፈሰሳትም መጨረሻቸው ልብ መቆም ነው። ይህን የሞት ምክንያት ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የጻፈው ምንም ነው። ግን ኢንተርኗ ላይ ልፈርድባት አልችልም። እኔም በእሷ ዕድሜ ከስንት ቅጽ ላይ ይህንኑ ጽፌያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው፣ ካርዱ እንደ መጽሐፍ የወፈረ በሽተኛ ሲሞትበት፣ የማያከራክረውን ቃል ይመርጣል።

ቁጭ ብላ ደግማ ሞላችው። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ተትረፈረፈ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያው «የልብና የሳንባ ሥራ መቆም» አለ። ሁለተኛው ላይ «ሴፕቲክ ሾክ»፣ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ የደም ግፊትን ሲጥል ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ «የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ድካም፣ የሳንባ ምች፣ የጭን አጥንት ስብራት» ይላል። ከታች ክፍል ሁለት ላይ «እርጅና»።

ሐሰት የሆነ ነገር የለበትም። አምስቱም በሽታዎች ነበሩባቸው። ችግሩ ቅጹ የበሽታ ዝርዝር የሚጻፍበት አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ቅጽ ክፍል አንድ አራት መስመር አለው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ሀ ላይ በቀጥታ የገደለው ነገር ይጻፋል። ለ ላይ ሀን ያመጣው፣ ሐ ላይ ለን ያመጣው፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አራቱንም መሙላት ግዴታ አይደለም። ሁለት መስመር ከበቃ ሁለት ነው። ዋናው ነገር ከሁሉም ታች የተጻፈው የሁሉም መነሻ መሆኑ ነው። «መሠረታዊ የሞት ምክንያት» የሚባለውም እሱ ነው፤ ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት የጀመረው በሽታ ወይም ጉዳት። ጉዳት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱን ያደረሰው አደጋ ወይም ጥቃት። አገር ስለ ሞት ምክንያት ስታቲስቲክስ ሲያወጣ ከአንድ ሰው ቅጽ የሚቆጥረው ይህን አንዱን ነው።

ክፍል ሁለት ለሌላው ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ የለም፣ ግን ሰውየውን አዳክሞ ለሞት አግዟል፤ እንዲህ ያለው በሽታ እዚያ ይገባል።

አንድ መስመር ላይ አምስት በሽታ ሲደረደር ምን ይሆናል? ለስታቲስቲክሱ የሞቱን ምክንያት ወደ ኮድ የሚቀይረው ባለሙያ በሽተኛውን አላያቸውም። በእጁ ያለው ወረቀት ነው። ከታችኛው መስመር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈውን ይዞ ይነሳል፣ ከዚያ ላይ ያለውን ሊያስከትል ይችላል ወይ ብሎ ይመዝናል። በኢንተርኗ ቅጽ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። ስለዚህ እማሆይ «በስኳር በሽታ የሞቱ» ሆነው ሊቆጠሩ ነው። ስኳር ለምን ፊት ላይ ተጻፈ ብዬ ስጠይቃት «ካርዱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነው» አለችኝ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ካርዱ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። እማሆይ የገቡት ነሐሴ 13 ቀን ነው። ከጤና ጣቢያ ተልከው ነው የመጡት። ቀኝ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጅ ሲነሱ የጭን አጥንት አንገት ተሰብሯል። እንዲህ ያለ ስብራት በቀዶ ሕክምና ቢጠገን ሰው ቶሎ ከአልጋ ይነሳል። በዚያን ሰሞን ግን የአጥንት ሐኪም አልነበረንም። ወደ ባሕር ዳር እንላካቸው ተባለ፣ ቤተሰቡ መክሮ አልፈለገም። እግራቸው ላይ ትራክሽን ታሰረ፣ ሦስት ኪሎ ተንጠለጠለበት፣ በጀርባቸው ተኙ። ነሐሴ 25 ሳል ጀመራቸው፣ ትኩሳት ተከተለ። የኦክስጅን መጠናቸው ወደ 82 በመቶ ወረደ፣ ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ነጭ ሆነ። መድኃኒት ተጀመረ፣ ተቀየረ። ነሐሴ 30 የደም ግፊታቸው 80 በ50 ገባ፣ ሽንታቸው ቀነሰ። በማግስቱ ሌሊት አረፉ።

ይህን ሲያነቡት ሰንሰለቱ ራሱን ያሳያል። ስብራቱ አልጋ ላይ አዋላቸው፣ አልጋው ሳንባ ምች አመጣ፣ ሳንባ ምቹ ደም ውስጥ ገብቶ ሾክ ውስጥ ከተታቸው። ቀላል ይመስላል። እኔም እስከዚህ ድረስ ቀላል መስሎኝ ነበር። የቀረው ሁለት ጥያቄ ነው። ኩላሊቱ የት ይግባ? ስብራቱስ ከምን መጣ?

ኩላሊት ላይ ኢንተርኗ ትክክለኛ ጥርጣሬ ነበራት። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬአቲኒን ሲገቡ 2.1 ነበር፣ ሊሞቱ ሲሉ 4 አልፏል። ይህ በሾኩ ምክንያት በአንድ ሁለት ቀን የተጎዳ ኩላሊት ነው ወይስ ድሮም የደከመ? የመጀመሪያው ከሆነ የሾኩ ውጤት ነውና መነሻ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ከሆነ ክፍል ሁለት ላይ ቦታ አለው። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለማለት ደግሞ ችግሩ ከሦስት ወር በላይ መቆየቱ መታወቅ አለበት። በእኛ ካርድ ከዚህ በፊት የተሠራ ምርመራ አልነበረም። ክትትላቸው ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ደጅ ወጣሁ። ትልቋ ልጃቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግንቡ ሥር ተቀምጣለች። አጽናናኋትና «እማሆይ የክትትል ደብተር ነበራቸው?» አልኳት። ሳትመልስልኝ ከጎኗ ያለውን ጥቁር ፌስታል ዘረጋችልኝ። እናቷ ሲታመሙ ይዛው መጥታ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል አልጋው ሥር ተቀምጦ፣ ማንም አልጠየቃትም። እኛም በዚያ ፌስታል አጠገብ ሌት ተቀን እናልፍ ነበር።

ውስጡ አንድ የተጣጠፈ ደብተር አለ፣ ሦስት የመድኃኒት ፖስታ፣ አንድ መቁጠሪያ። ደብተሩ ስኳር ከ11 ዓመት በፊት፣ ግፊት ከ8 ዓመት በፊት እንደተገኘባቸው ይናገራል። ከሁለት ዓመት በፊት ክሬአቲኒን ተለክቶ 1.8 ሆኗል። አምና 1.9። የኩላሊቱ ጥያቄ እዚያው ተፈታ። ድሮም ደካማ ነበር፣ ሾኩ ጨመረበት።

ከፖስታዎቹ አንዱ፣ የስኳር መድኃኒታቸው፣ «ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ» ይላል። የታደለበት ቀን አለው። ከዚያ ቀን እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ስቆጥር፣ የቀረው ፍሬ ልክ መቅረት ያለበት ነው። አንድ ፍሬ አልተዘለለም።

«እንዴት ነበር የወደቁት?» አልኳት።

«በፍልሰታ ነው ዶክተር። ነሐሴ 9። ለቅዳሴ ሲሄዱ አጥሩ ጥግ ያለው ጭቃ ላይ ወደቁ። እማሆይ ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አይቀምሱም።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ኧረ መድኃኒትማ አያቋርጡም! ጠዋት በማለዳ ነው የሚውጡት። ጾሙን በራሳቸው ነው የያዙት እንጂ ንስሐ አባታቸውማ ታመሻልና ይቅርብሽ ብለዋቸው ነበር።»

ሲወድቁ ያየ ሰው አለ ወይ አልኳት። ጎረቤት ነበረች። ያቺ ሴት እንደነገረቻት እማሆይ ከመውደቃቸው በፊት ግድግዳውን ይዘው ቆመው ነበር። ላብ በላብ ሆነዋል፣ በዚያ የነሐሴ ብርድ። ስትጠራቸው የማይገናኝ ነገር መለሱላት። ከዚያ እግራቸው ከዳቸው። ጠበል ተረጩ፣ አልተመለሱም። ኋላ አንዲት እናት በጨው ምትክ ስኳር የበዛበት ሻይ አጋቱዋቸው፣ እሱን ጠጥተው ነቁ። «እግሬን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሦስት ቀን ቤት ነበሩ፣ ወጌሻ መጥቶ አሽቶ በቀርከሃ አሰረላቸው።

ላብ፣ መቀባዠር፣ መውደቅ፣ በስኳር መንቃት። ይህ የደም ስኳር መውረድ ነው ብዬ አሥር ጊዜ ብገምት ከአንዴ በላይ የምስት አይመስለኝም። ግሊቤንክላማይድ ሰው ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ይጠራቀማል። ለአረጋዊ፣ ለዚያውም ኩላሊቱ ለደከመ፣ ባይታዘዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው። እማሆይ ጾሙንም መድኃኒቱንም ሳያጎድሉ ይዘዋል። ሁለቱ ተገናኙ።

ግን ያን ቀን ስኳራቸውን የለካ የለም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሦስት ቀን አልፏል፣ እኛ ጋ ሲገቡ 180 ነበር። ይህ 180 ስለ ነሐሴ 9 ጠዋት ምንም አይነግረንም።

እዚህ ላይ ነው ቅጹ የሚፈትነው። ሐኪም ሆኜ የማምነው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ስኳር በሽታ፣ መድኃኒት፣ ጾም፣ የስኳር መውረድ፣ መውደቅ፣ ስብራት፣ ሳንባ ምች፣ ሾክ። ታዲያ ከታች፣ መ ላይ፣ «የስኳር በሽታ» ብዬ ልጻፍ? ኢንተርኗ ዓይኗ በራ። «እንግዲያ መጀመሪያ የጻፍኩት ልክ ነበራ!» አለች።

አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የኮድ አሰጣጥ መመሪያ፣ አደጋ በበሽታ ምክንያት ደረሰ ተብሎ ሲጻፍ ቅደም ተከተሉ ባብዛኛው ተቀባይነት የለውም። ጥቂት የተፈቀዱ አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አደጋ ቢደርስበት ሰንሰለቱ እስከ በሽታው ይወርዳል። አጥንት በመሳሳቱ የመጣ መውደቅም እንዲሁ። ስኳር ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ መ ላይ ስኳር ብጽፍ እንኳ ኮድ ሰጪው መውደቁን መነሻ አድርጎ ይወስዳል። ይህ ግትርነት መጀመሪያ ያናድዳል። ኋላ ሳስበው ግን ምክንያት አለው። ሰው ሁሉ የሚወድቀው በሆነ ምክንያት ነው። አንዱ ዓይኑ ደክሞ፣ ሌላው ጉልበቱ ታሞ፣ ሌላው ሰክሮ። ሁሉም ወደ በሽታ ከተመለሰ በመውደቅ የሞተ የሚባል አረጋዊ አይገኝም።

ስለ አጥንት መሳሳት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ላይ «አጥንት መሳሳት ብለህ ጻፈውና ተገላገል» ብሎኝ ነበር። በ78 ዓመት ከቆሙበት ወድቀው ጭናቸው የተሰበረ ሴት አጥንታቸው ሳስቷል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ምናልባትም ልክ ነው። ግን አልተመረመረም፣ ራጁን ያየው ሰውም እንዲህ አላለም። ያን ብጽፍ መሠረታዊው ምክንያት ከመውደቅ ወደ አጥንት በሽታ ይሸሽ ነበር። የወደቁበት ምክንያት ደግሞ ከአጥንታቸው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ተውኩት።

«እርጅና» የሚለውን ግን ወዲያው ነው የሰረዝኩት። ቤተሰብ «ዕድሜያቸው ደርሶ ነው» ቢል ያምርበታል፣ ማጽናኛም ነው። ሐኪም ሲጽፈው ግን ያው እንደ ልብ መቆም ነው። በበሽታ ምደባው ውስጥ የራሱ ኮድ አለው፣ ግን የሚወድቀው በደንብ ያልተገለጹ ምክንያቶች ከሚጠራቀሙበት ምድብ ውስጥ ነው። እማሆይ እስከ ነሐሴ 8 ውሃ ቀድተው፣ ሰዓታት ቆመው የሚያድሩ ሰው ነበሩ።

ደም ግፊትስ? እሱን ሰንሰለቱ ውስጥ ለማስገባት የሚያበቃ ነገር አጣሁ። ልባቸው አልታመመም፣ ስትሮክ አልመታቸውም። ኩላሊታቸውን አዳክሞ ይሆናል። ክፍል ሁለት ይበቃዋል። እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ይህ ባይኖር ኖሮ በዚያ ሰሞን ይሞቱ ነበር? ግፊቱ ባይኖር መውደቁ አይቀርም ነበር። መውደቁ ባይኖር ግን እማሆይ መስከረምን ያዩ ነበር።

ይህን ጨርሼ ብዕር ሳነሳ ልጅቷ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። መሰማቱ የማይቀር ነውና ምን እንደምጽፍ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«ዶክተር፣ በእግዚአብሔር፣ ‹ወደቁ› ብለው አይጻፉብን። ፖሊስ ይገባበታል። አስክሬኑ እዚህ ሊያድርብን ነው። አገር ደግሞ ማን ገፍቷቸው ነው ይላል። ታመው ሞቱ ቢሉልን ምናለ? ታመው አይደል የሞቱት?»

ይህን ልመና ብዙ ሐኪም ሰምቶታል። ብዙ ቅጽ ላይ መውደቅ የማይጻፈውም ባብዛኛው በእውቀት ማነስ አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ነው። ስብራቱ ይጻፋል፣ ምን እንደሰበረው ይቀራል። ያን ጊዜ ኮድ ሰጪው «በውል ያልታወቀ አደጋ» የሚል ኮድ ይሰጣል። ያ ደግሞ ለቤተሰቡም የባሰ ነው፤ ጥርጣሬን የሚጋብዝ ያልተገለጸ አደጋ እንጂ ጭቃ ላይ የወደቁ መነኩሲት አይደለማ።

ስለዚህ የነገርኳት እንዲህ ነው፦ «ፈራሽ እንጂ የሚያስፈራው ዝም ማለቱ ነው። ሲገቡ ካርዱ ላይ ‹ወድቀው› ተብሎ ተጽፏል። ሞት ላይ ያ ቢጠፋ ነው ሰው ለምን የሚለው። ቅጹ እንዴት እንደወደቁ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ማንም እንዳልነካቸው የሚያሳየው እሱ ነው።» እውነትም አለው። ከአራቱ መስመር ሥር ሌላ ክፍል አለ። ቀዶ ሕክምና ባለፉት አራት ሳምንታት ተደርጎ ነበር ወይ ይላል። የሞቱ ሁኔታ በሽታ ነው፣ አደጋ ነው፣ ጥቃት ነው ወይ ይላል። አደጋ ከሆነ መቼ፣ የት፣ እንዴት ይላል። ብዙ ሐኪም ይህን ክፍል ባዶውን ነው የሚተወው።

ፖሊስ እንዳለችው መጣ። እኛው ነን የጠራነው። ልጆቹንና ጎረቤቲቱን በስልክ ጠየቀ፣ ካርዱን አየ፣ ጽፎ ሄደ። እኩለ ቀን ሳይሆን አስክሬኑ ወጣ። ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ነው አልልም። በማታ ቢሆን፣ ጎረቤቲቱ ባትገኝ፣ ሊያድር ይችል ነበር። ያን ቀን ግን ተሳካ።

ቀን አጻጻፉ ራሱ ሊያሳስተን ነበር። ኢንተርኗ የሞቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የወደቁበትን ቀን ደግሞ እንደ ሰማችው ነሐሴ 9 ብላ በቁጥር ብቻ ስትጽፈው ወሩ 12 ሆነ። ያየ ሰው ዲሴምበር ይለዋል። ሁለቱንም በፈረንጅ አደረግነው፣ ኦገስት 15 እና ሴፕቴምበር 6። በመካከሉ 22 ቀን ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሕመሙ ከጀመረ እስከ ሞት ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። እሱን መሙላት ሰንሰለቱን ለመፈተን ይረዳል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጊዜው መርዘም ወይም እኩል መሆን አለበት። ታችኛው ከላይኛው ካጠረ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

በመጨረሻ የፈረምኩት ቅጽ ይህን ይመስላል፦

ክፍል አንድ
ሀ. ሴፕቲክ ሾክ፣ 1 ቀን
ለ. የሳንባ ምች፣ 6 ቀን
ሐ. የቀኝ ጭን አጥንት አንገት ስብራት፣ 22 ቀን
መ. በመንገድ ላይ ከቆሙበት መውደቅ፣ 22 ቀን

ክፍል ሁለት
ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ፣ 11 ዓመት፤ በጾም ወቅት በግሊቤንክላማይድ ምክንያት የደም ስኳር መውረድ፣ የሚጠረጠር፤ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ፣ ቢያንስ 2 ዓመት፤ የደም ግፊት፣ 8 ዓመት

የሞቱ ሁኔታ፦ አደጋ። ቀዶ ሕክምና፦ አልተደረገም። እንዴት ደረሰ፦ ጾመው ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር ሲሄዱ አልቧቸው፣ ተቀባዥረው፣ በጭቃማ መንገድ ላይ ወደቁ። ሲወድቁ ያየ ሰው አለ።

«የሚጠረጠር» የምትለዋ ቃል ኢንተርኗን አላስደሰተቻትም። ያልተረጋገጠ ነገር ቅጽ ላይ አይጻፍም ተብላ ነው የተማረችው። ቅጹ ግን የሚጠይቀው የሐኪሙን የተሻለ ግምት ነው፣ ማስረጃ ያለው ግምት። ላቡ አለ፣ መቀባዠሩ አለ፣ በሻዩ መንቃታቸው አለ፣ የተቆጠረው ፍሬ አለ። ለክፍል ሁለት ይህ ይበቃል። ክፍል አንድ ላይ ግን የስኳር መውረዱን አላስገባሁም። በመመሪያው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አንድም ቁጥር ሳይኖረኝ አራት መስመሩን በእሱ ላይ ማቆም ከበደኝ።

«ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ፈቃደኛ አልነበሩም» የሚል ነገር ቅጹ ላይ አለመኖሩን ልብ ያለ ሰው ይኖራል። ሆን ብለን ነው። ሕክምና አለማግኘት የበሽታ ስም አይደለም፣ ያን ለካርዱ ትተነዋል። ወጌሻውም እንዲሁ። ያሰራት ቀርከሃ ሦስት ቀን ዘግይተው እንዲመጡ አድርጓል፤ ግን ገደላቸው ለማለት የሚያበቃ ነገር አላየሁም። ቆዳቸው አልቆሰለም፣ እግራቸው አልጠቆረም።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ከሄደች በኋላ ፌስታሉን ረሳችው መሰለኝ። ስጠራት «መድኃኒቱን እናንተው ጣሉት፣ መቁጠሪያውን ስጡኝ» አለች።

ግሊቤንክላማይዱን ለክትትል ክፍል ነርስ ወሰድኩላት። ታሪኩን ነገርኳትና ከዚህ በኋላ ዕድሜያቸው የገፋ የስኳር ታካሚዎችን ስለ ጾም እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። ምን ያህል ሰዓት ይቆያሉ፣ መድኃኒቱን መቼ ነው የሚውጡት፣ ኩላሊታቸው መቼ ተለካ። ዶዝ የሚቀነስላቸው ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት የሚቀየርላቸው ካሉ ወደ እኔ እንድትልክ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊቷ ተቀመጡ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጠየቀቻቸው።

አዛውንቱ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ጾምም አልሽር፣ መድኃኒትም አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅ» አሏት።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ አየች።